ለአምስት ቤት አንድ ቆጣሪ

ማስታወቂያውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም፤ ግን በዚያ ሰሞን እምቢ ለማለት የሚበቃ ጉልበት አልነበረኝም።

ወረታ ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ። ቀን በተጨናነቀ ክፍል ስጮህ እውላለሁ፤ ሲመሽ ደብተር አርማለሁ። የምኖርበት ግቢ ከደብረ ታቦር መገንጠያው ጥቂት ገባ ብሎ ነው። አከራያችን ባላቸው ከሞቱ በኋላ በኪራይ የሚተዳደሩ አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። የሳቸው ቤት በሩ አጠገብ ነው። ከሱ ቀጥሎ የእኔ ክፍል፣ ከዚያ የልብስ ሰፊው፣ ከዚያ የመሪጌታ። አራታችንም የምንጠቀመው በእማማ ስም በገባ አንድ ቆጣሪ ነው። የየራሳችን ቆጣሪ እንዲገባልን አመልክተን ነበር፤ ተራ ጠብቁ ተባልን፤ እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።

ለዓመታት ሂሳቡን ለአራት እኩል እየከፈልን ኖርን። ትክክል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ፍሪጅ አላቸው። ልብስ ሰፊው ካውያው ሳይበርድ ይውላል። እኔ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የማበስለው። መሪጌታ ያላቸው አንዲት አምፖል ናት፤ እሷንም መጽሐፍ ካላዩ አያበሯትም። ግን ሂሳቡ ትንሽ ስለነበር ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። መሪጌታም ሲጠየቁ ድርሻቸውን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ይሰጣሉ።

ነሐሴ ላይ እማማ ከግቢው ጀርባ ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ አስለስነው ሊያከራዩ አሰቡ። ክፍሏ መብራት ስላልነበራት አንድ ሰው አስመጥተው ከቆጣሪው ለብቻው የሚወጣ ገመድ ከልብስ ሰፊው ጓሮ ጀምሮ በመሬት ውስጥ አስቀበሩላት። መስከረም ላይ ተከራይ ገባችባት። ከቁሐር ሚካኤል የመጣች ገበሬ ናት። ባሏ ከብቱንና ሩዙን ይዞ እዚያው ቀርቷል፤ እሷ ሁለቱን ልጆቿን ከተማ ልታስተምር መጣች። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እኔ የማስተምራት። ትንሹ ገና ሁለተኛ ነው።

የመስከረም ሂሳብ ሲመጣ ከቀድሞው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።

እማማ ወረቀቱን ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ። "አንተ ሂሳብ አዋቂ አይደለህ? በል ይሄን ነገር በሥርዓት አካፍለህ ጻፍልኝ። እኔ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ አቅቶኛል" አሉኝ።

የማርመው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ ነበር። ቶሎ ልገላገል ብዬ አንድ ገጽ ከደብተር ቀደድሁና "ለተከራዮች በሙሉ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ የመብራት ሂሳብ በሰው ቁጥር ይከፈላል" ብዬ ጻፍሁ። በግቢው ውስጥ ሰባት ነፍስ ነበርን። አራታችን አንድ አንድ፣ እሷ ከነልጆቿ ሦስት። ከሰባት እጅ ሦስቱ የእሷ ሆነ ማለት ነው። ወረቀቱን የቧንቧው አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ለጥፌ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ስቀዳ መጣች። ማንበብ አትችልም። "ወረቀቱ ምን ይላል መምህር?" አለችኝ።

ነገርኋት።

ጀሪካኗን ሞልታ ክዳኑን ገጠመችና፣ "እንደው ይንገሩኝ፤ ሦስት ሰው ባንዲት አምፖል ስር ቢቀመጥ አምፖሏ ሦስት ትሆናለች?" አለችኝ።

ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ ጎበዝ ብዬ አስጨበጭብለት ነበር። ያን ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ ወረቀቱን ገነጠልሁትና ሌላ ጻፍሁ። በሁለተኛው ማስታወቂያ ክፍያው በሰው መሆኑ ቀርቶ በዕቃ ሆነ፤ ማን ምን እንዳለው እንዲታወቅም እማማና እኔ ክፍል ለክፍል ዞረን እንመዘግባለን አልሁ።

ዞርንም። የልብስ ሰፊውን ካውያና የስፌት መኪና፣ የእማማን ፍሪጅና ቴሌቪዥን፣ የራሴን ምድጃ፣ የመሪጌታን አምፖል ጻፍሁ። የጀርባዋ ክፍል ስንደርስ እማማ ጎንበስ ብለው አልጋ ስር አዩ። የእህል ጆንያውን በእጃቸው ዳበሱ። ልጅቱ ማዕዘን ላይ ደብተሯን ታቅፋ ቆማ ታየን ነበር። አስተማሪዋ ነኝ፤ ነገ ጠዋት ፊቷ ቆሜ ስለ ክፍልፋይ ላስተምራት ነው። "አንድ አምፖል፣ አንድ የስልክ ቻርጀር፣ ምግብ በከሰል" ብዬ ጻፍሁና ወጣሁ።

በዕቃ ማካፈሉ ከበፊቱ ይሻላል ብዬ ነበር፤ የጥቅምት ሂሳብ ግን ያው ከፍ እንዳለ መጣ። ጭማሪው የትም አልሄደም፤ ለሁላችንም እንደየዕቃችን ተበተነ እንጂ። ልብስ ሰፊው የደረሰውን ሲሰማ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ።

"እኔ ያው አንድ ካውያ ነው ያለኝ። አምናም እሱው ነበር። እንዴት ነው ዘንድሮ እጥፍ የሚበላው?"

"እኔስ ምን አውቃለሁ?" አልሁት።

"ታውቃለህ። ሁላችንም እናውቃለን። ማን ከገባ ወዲህ ነው የጨመረው? እኛ ስንወጣ ቤት የሚውለው ማነው? ምድጃ ደብቃ ቀን ቀን ትሰካለች፤ ስንመጣ ትነቅላለች።"

ይህን ያለው በሹክሹክታ አልነበረም። እሷ ቧንቧው ስር ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አላየችም፤ እጇ ግን ቆመ። ጨርቁን ውሃ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

"ኧረ ሰው አይታማም ልጄ፤ ያላየነውን አንናገር" አሉ መሪጌታ ከደጃቸው።

"የኔታ፣ እርስዎ ባንዲት አምፖል ስንት እየከፈሉ እንደሆነ ቢያውቁ እንዲህ አይሉም ነበር" አላቸው።

እማማ ማታውኑ ጠሩኝ። ጭማሪው የጀርባዋ ክፍል ከተከራየች ወዲህ የመጣ ነውና እሷው ትክፈለው አሉኝ። ሁለት ነገር አብሮ ስለመጣ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እንደማይባል ለልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። ለእሳቸውም ልል እችል ነበር። ግን የወሩ ፈተና ደርሶ ነበር፤ መብራት በየሁለት ቀኑ እየጠፋ በሻማ ደብተር ሳርም ዓይኔ ተቃጥሏል፤ ልብስ ሰፊውም ነገ ጠዋት ደጄ ላይ እንደሚቆም አውቃለሁ። ከማስታወቂያው ግርጌ አንድ መስመር ጨመርሁ፦ "ከነሐሴ ወዲህ የታየው ጭማሪ በጀርባው ክፍል ተከራይ ይሸፈናል።" ያቺን መስመር ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ያነበበችላት ልጇ ናት። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት።

የጥቅምትን ከፈለች። ኅዳር በገባ በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሏ ተቆልፏል። ጋሪ አምጥታ ዕቃዋን ጭና ሄዳለች።

"ሩዙ ደርሷል አለችኝ" አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከቁሐር በእግሯ እየመጣች መማር ጀመረች። ትንሹን ይዛው ነው የምትመጣው። መንገዱ ደርሶ መልስ ሰዓታት ይፈጃል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ትገባለች፤ ጫማዋን በር ላይ ትጠርጋለች። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቷ ደብተሯ ላይ ይወድቃል። አልቀሰቅሳትም ነበር። እሷም ስትነቃ ወደኔ አታይም።

የኅዳር ሂሳብ መጣ። ቀድሞ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እማማ እንዳነብላቸው ሰጥተውኝ። የኪሎዋቱን ቁጥር ከጥቅምቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥሁት። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ክፍሏ ወሩን ሙሉ ማለት ይቻላል ተቆልፋ ከርማለች፤ አምፖሏን ያበራ የለም፤ ቆጣሪው ግን እንደ በፊቱ በልቷል።

ወረቀቱን ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። እራቴንም አልበላሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የሄድሁት መብራት ኃይል ነው። ቆጣሪው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ተራዬ እስኪደርስ ካቆመችኝ በኋላ በትዕግሥት ሰማችኝና፣ "መጀመሪያ ቤታችሁ ሁሉንም ነገር አጥፉ፤ ስፒናውንም ንቀሉ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት እዩ። ቀጥ ካለች ቆጣሪው ጤነኛ ነው። ብልጭ ማለቷን ካላቆመች ውስጥ የሚስብ ነገር አለ። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ደግሞ የእናንተ ነው፤ በራሳችሁ ሠራተኛ ነው የምታሠሩት" አለችኝ።

ተመልሼ ሁሉንም አስጠፋሁ። ልብስ ሰፊው እያጉረመረመ ካውያውን ነቀለ። እማማ ፍሪጁን ነቀሉ። መሪጌታ "የኔዋማ ጠፍታ ነው ያለች" አሉ። ሁላችንም ቆጣሪው ስር ተሰብስበን አንጋጠጥን። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። ጥቂት ቆይታ ደግማ ብልጭ አለች።

የገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አመጣሁ። ከቆጣሪው የሚወጡትን መስመሮች አንድ በአንድ እየፈታ ቀይዋን መብራት እንድመለከት አደረገኝ። የእማማን ፈታ፤ ብልጭታው አለ። የእኔን ፈታ፤ አለ። ወደ ጀርባዋ ክፍል የሚሄደውን ሲፈታ መብራቷ ቀጥ አለች። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልበራችም።

"አያችሁ! ብዬ ነበር እኮ፣ የሷው መስመር ነው" አለ ልብስ ሰፊው።

ሠራተኛው በትዕግሥት አየው። "ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ማን ይጠቀምበታል?"

ዶማ አስመጣና ገመዱ የተቀበረበትን ተከትሎ ቆፈረ። ቧንቧው አጠገብ፣ የልብስ እጣቢ የሚወርድበት ቦይ ስር ሲደርስ ጭቃው ጥቁር ሆነ። ገመዱ ያለ ቱቦ ነው የተቀበረው። ሁለት ቁራጭ ተቀጣጥሎ መጋጠሚያው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮውም በስብሶ ተላቋል። መዳቡ እርጥብ አፈር ውስጥ ራቁቱን ተኝቷል።

"ቀን ከሌት መሬት እየጠጣችው ነው" አለ። "መብራቱ በራም ጠፋም ይፈሳል። ቆጣሪው ያለፈውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ማን እንደወሰደው አያውቅም። ሂሳቡን ተዉት። ሰው አለመግደሉን አመስግኑ። እዚህ ቆሞ ልብስ የሚያጥብ ሰው የለም?"

እሷ ነበረች። በየቀኑ፣ በባዶ እግሯ።

እማማ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ገመዱን ያስቀበሩት በርካሽ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አላነሳባቸውም። "ቤቱ የኔ ነው። መሬቱም የኔ ነው። የፈሰሰው የኔ ነው" አሉና ሊያለቅሱ ከጀሉ። መሪጌታ ቀርበው "አይዞዎት፤ ይስተካከላል" አሏቸው።

ገመዱ በቱቦ ውስጥ አዲስ ተቀበረ። ሦስተኛውን ማስታወቂያ ለመጻፍ ግን ሁላችንንም ሰበሰብሁ፤ ብቻዬን መጻፍ ፈራሁ። ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት በየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት አስነበበን። የመሪጌታ አምፖል አሥር ዋት ገደማ ናት፤ ካውያው አንድ ሺህ። ካውያው ሞቆ እየሠራ በአንድ ሰዓት የሚበላውን እሷ መቶ ሰዓት በርታ ነው የምትጨርሰው። የእያንዳንዱን ዋት በቀን ከሚሠራበት ሰዓት ጋር አባዝተን፣ ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ አወጣን። ፍሪጁ እያረፈ ስለሚሠራ ሰዓቱን ቀነስንለት። ወርኃዊው የአገልግሎት ክፍያና የበሩ አምፖል ለሁሉም እኩል ሆነ። ባዶ ክፍል አይከፍልም ተባለ። የመስመር ብልሽት ቢኖር የአከራይ ነው ተባለ፤ እማማ ራሳቸው "ጻፈው" አሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የዘለልሁት ነገር እንዳለ ገባኝ። የመብራት ዋጋ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ ራሱ ይወደዳል። መሪጌታ ለብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው በዝቅተኛው ዋጋ ነበር የሚከፍሉት። ከእኛ ጋር ስለተደረቡ ብቻ ያቺኑ ጥቂት በእኛ ውድ ዋጋ እየከፈሉ ኖረዋል። የሳቸው በዝቅተኛው ዋጋ ይታሰብ፣ ልዩነቱን እኛ ሦስታችን እንሸፍን አልሁ።

"ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?" አለ ልብስ ሰፊው።

"እኔ ምጽዋት አልጠየቅሁም" አሉ መሪጌታም፣ ቅር ብሏቸው።

"ምጽዋት አይደለም የኔታ። ዋጋውን ያስወደድነው እኛ ነን። ለብቻዎ ቢሆኑ የሚከፍሉትን ነው የሚከፍሉት።"

ትንሽ አሰቡበት። "እንዲያ ከሆነ ፍርድ ነው፤ እቀበላለሁ" አሉ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ፈታ፤ ጠምጥሞ ፈታ። በመጨረሻ "ይሁን" አለ። ደክሞት ይመስለኛል፤ ሁላችንም ደክሞን ነበር።

የመጨረሻውን መስመር ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርሁ፦ "በመስከረምና በጥቅምት የታየው ጭማሪ ከመሬት ውስጥ ገመድ ብልሽት የመጣ ነው። የጀርባው ክፍል ተከራይ ጥፋት አልነበረባትም።"

እሑድ እማማ ተከራይዋ ያለአግባብ የከፈለችውን ብር በመሐረብ ቋጥረው ሰጡኝ። የማስታወቂያውን ግልባጭ ኪሴ ከትቼ ቁሐር ሄድሁ። ባጃጁ እስከሚገባበት አደረሰኝ፤ ከዚያ በሩዝ ማሳው መሐል በድንበሩ ላይ ሄድሁ። ገና ያልደረቀ ጭቃ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረው። ልጅቱ በየቀኑ የምትመጣው በዚህ ነው።

እናትየውን አውድማው ዳር አገኘኋት፤ የታጨደ ሩዝ ትከምራለች። በሰንበት ሥራ ይዛ ስላገኘኋት ያፈረች መሰለኝ። "ዝናብ ያስፈራል ተብሎ እንጂ" አለች፣ ሳልጠይቃት። የምቀመጥበት ጆንያ አነጠፈችልኝ። ባሏ ከብቱን ሊያጠጣ ወርዷል። ልጆቿ ከቤቱ ጥግ ሆነው ያዩናል።

የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ ቦዩ፣ ክፍሏ ተቆልፋም ቆጣሪው ስለመቁጠሩ። ስጨርስ፣ "ወረቀት ጽፈዋል?" አለችኝ።

"ጽፌአለሁ።"

"ያንብቡልኝ። ያንን ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ይሄን እርስዎ ያንብቡልኝ።"

አነበብሁላት። ዋቱንም፣ ሰዓቱንም፣ የአገልግሎት ክፍያውንም። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ "አንዴ ይድገሙት" አለች። ደገምሁት። ልጅቱን ጠራቻትና "ስሚ" አለቻት። ሦስተኛ ጊዜ አነበብሁት።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላውቅ ጻፍሁ" አልኋት።

"አላወቁም ነበር፤ እውነት ነው። ግን አልጠየቁኝም መምህር። አልጋዬ ስር አዩ እንጂ እኔን አልጠየቁኝም።"

መሐረቡን ስሰጣት ፈትታ ብሩን አየች፤ ከመሐረቡ ጋር ጉያዋ ከተተችው። እማማ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ እንደሚፈልጉ ነገርኋት። ራሷን ነቀነቀች።

"እማማን እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ልጆቼ ሌባ ወደተባሉበት ግቢ ግን አልመልሳቸውም። የአክስቴ ልጅ ከተማ ቤት አላት፤ ሩዙ ሲገባ እዚያ አስጠጋቸዋለሁ። እስከዚያ ይራመዱ።"

"እስከዚያ ሲያረፍዱ አልቆጣቸውም" አልኋት። ሌላ ልሰጣት የምችለው አልነበረኝም።

"ይቆጡ። ሲያረፍዱማ ይቆጧቸው" አለችና ወደ ክምሯ ተመለሰች።

ልጆቹ ከገና በኋላ ከተማ ያለችው ዘመዳቸው ቤት ገቡ። ልጅቱ አሁን በሰዓቷ ትመጣለች፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አትተኛም። በግማሽ ዓመቱ ፈተና ከክፍሉ አጋማሽ በታች ነበረች፤ ከዚያ በፊት ከላዮቹ አንዷ ነበረች። ምክንያቱን ሪፖርት ካርዱ ላይ የምጽፍበት ቦታ የለም።

የታኅሣሥ ሂሳብ ቀድሞ ወደነበረበት ወረደ። በአዲሱ ስሌት አካፍዬ ለየሰው ነገርሁ። እማማ ከሁላችንም በላይ ደረሳቸው፤ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፤ ቀጥሎ እኔ። መሪጌታ የደረሳቸውን ሲሰሙ "ይችን ነው?" ብለው ደግመው ጠየቁኝ። ማንም አልተጨቃጨቀም። ማንም ደስ ብሎት የወጣም አልመሰለኝም። በወሩ መጨረሻ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ልብስ ሰፊውና እኔ አብረነው ቆምን፤ ቁጥሩን ሁለታችንም በየደብተራችን ጻፍን። እሱ ወደ ካውያው ገባ፤ እኔም ወደ ደብተሮቼ።